ፀጉሬ ከግንባሬ ግራና ቀኝ ሸሽቷል፤ ሳልሸፍነው እንዴት ልቆረጥ?

ሰላም ጀማዓ። ዕድሜዬ 31 ነው፤ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ፀጉሬ ከርዳዳ ነው። የግንባሬ መሀል ደህና ነው፤ ግራና ቀኝ ጥጉ ግን ወደ ኋላ ሸሽቷል። ግራው ከቀኙ ትንሽ ይብሳል። ኮፍያ አልፈልግም። ቀለም መቀባት አልፈልግም። ከኋላ ጎትቼ ወደ ፊት በማበጠር ልደብቀውም አላሰብኩም። ሙሉ በሙሉ መላጨትም ገና ነው። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሲያየኝ መጀመሪያ ዓይኑ እዚያ ጥግ ላይ እንዳያርፍ። ፀጉር ቤት ገብቼ ምን ብዬ ልዘዝ?

ጥያቄዬ ይኼ ነበር። መልሱ በዝቷል፤ መሀል ላይም ጭቅጭቅ ገብቷል። ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲመች በየቁጥሩ ላስቀምጠው። ቃል በቃል አልገለብጥም፤ ፍሬ ነገሩን ነው የምነግራችሁ።

መልስ 1

ከገንደ ቆሬ የጻፈ ወንድም ነው። በጨዋ ደንብ ሰላምታ ሰጥቶ፣ በዜሮ ላጭቶ መገላገል እንደሚሻል መከረኝ። እሱ ከተላጨ ወዲህ ሙቀቱም እንደቀለለው፣ ለፀጉር ቤት የሚያወጣው ገንዘብም እንደቀረለት ጻፈ። ለእሱ እውነት ነው። እኔ የጠየቅሁት ግን ይህን አልነበረም።

መልስ 2

ይኼኛው በራሱ የሚተማመን ልጅ ነው። መፍትሔው በየሳምንቱ ላይን ማስወጣት ነው አለ። ግንባር ላይ በምላጭ ቀጥ ያለ መስመር ከተሰመረ ፀጉሩ ንጹህና የተያዘ ይመስላል፤ ጥጉም ሆን ተብሎ የተሠራ ቅርጽ ይሆናል ባይ ነው። ቶሎ ቶሎ ሲላጭ ደግሞ ወፍሮ ይበቅላል ሲል ጨመረበት። የመጀመሪያው ሐሳብ ግማሹ ልክ ነው። የተስተካከለ ጠርዝ ፊትን ያሳምራል፤ ሁላችንም አይተናል። ቀሪውን ሌሎቹ አነሱበት።

መልስ 3

ጥፋቱን ሁሉ በድሬ ውሃ ላይ የጫነ ሰው መጣ። ጀበናችንን ነጭ ቅርፊት የሚያለብሰው ውሃ ፀጉራችንንም እየበላው ነው፤ ሐረር የሚኖረው ወንድሙ ግን ፀጉሩ ሙሉ ነው አለ። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔም የድሬን ውሃ አውቀዋለሁ፤ ፀጉር ያደርቃል፣ ያሻክራል። ግን ያው ውሃ ማጅራቴንም ይነካል፤ ማጅራቴ ላይ ያለው ፀጉር ንቅንቅ አላለም። ውሃ መርጦ የግንባር ጥግ ብቻ አያሸሽም።

መልስ 4

ይህን ክር ያነሳሁበት ጥቅም እዚህ ጋ ተገኘ። መላሹ መጋላ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ማሽን የያዘ ፀጉር አስተካካይ ነው። በዕድሜ ታላቃችን ነው፤ ድሬ አንቱታ ስለማይዋጥላት ግን አንተ እየተባባልን ነው የተጨዋወትነው።

መልስ ከመስጠቱ በፊት ጠየቀኝ። ጥጉ ላይ ቀጫጭን ፀጉር ቀርቷል ወይስ ቆዳው ባዶ ነው? ስስ ፀጉር እንዳለ ነገርኩት። እንግዲያው ጥሩ ነው፣ የሚሠራበት ነገር አለ ብሎ ቀጠለ።

ነገሩን ያስረዳው እንዲህ ነው። የሸሸ ጥግ የሚጎላው ፀጉር ስላነሰው ብቻ አይደለም፤ ዙሪያው ስለጠቆረም ነው። ከበላዩ የግንባር መሀል ፀጉር አለ። ከበታቹ ከጆሮ በላይ ያለው ጎን አለ። እነዚህ ሁለቱ ጥቅጥቅ ብለው ሲያድጉ መሀላቸው ያለው ስስ ቦታ ቀዳዳ መስሎ ይወጣል። ስለዚህ የፀጉር አስተካካዩ ሥራ ጥጉን መሙላት አይደለም፤ አይሞላምም። ሥራው የጥጉን ጎረቤቶች ማቅለል ነው።

አሠራሩንም ዘረዘረልኝ። ከጆሮ ፊት ለፊት ያለው ጎን በቁጥር 1፣ ማለትም በ3 ሚሊሜትር ይጀምራል። ወደ ላይ ሲወጣ ቁጥር 2፣ 6 ሚሊሜትር ይሆናል። ልዩነቱ ሳይታወቅ እየተዋሃደ ጥጉ ጋ ሲደርስ፣ ጎኑ እዚያ ካለው ስስ ፀጉር ጋር በጥቁረት ይቀራረባል። ያኔ ዓይን የሚይዘው ድንበር ያጣል። ፌዱ፣ ማለትም ይህ ከአጭር ወደ ረጅም የሚዋሃደው ቁርጥ፣ ከፊት ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ከኋላ ዝቅ ብሎ ይቅር።

አናቱ ቁጥር 4፣ 13 ሚሊሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል። ግንባር ላይ ያለው መሀል ግን አንድ ቁጥር ዝቅ ብሎ ቁጥር 3፣ 10 ሚሊሜትር ይሁን አለ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል። መሀሉ ደህና ስለሆነ እሱን ያሳድገዋል፤ መሀሉ ባደገ ቁጥር ግን ግራና ቀኙ ይበልጥ ያሳጣል።

ሦስት ማስጠንቀቂያ ጨመረ። ከርዳዳ ፀጉር እርጥብ ሆኖ አይቆረጥ፤ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ልኩ ይጠፋል። ደርቆ፣ በሚዶ ተበጥሮ ነው የሚቆረጠው። ከጆሮ ፊት ወርዳ ከጢም ጋር የምትገናኘው የፀጉር ጫፍ ሹል ተደርጋ አትቀረጽ፤ ጫፏ በሾለ ቁጥር ከበላይዋ ያለው ጥግ ጠልቆ ይታያል። ሦስተኛው የእኔን ግራ ጥግ የሚመለከት ነው። ሁለቱን ለማመሳሰል ተብሎ ደህናው ቀኝ ወደ ኋላ መላጨት የለበትም። ይልቅ ግራው በኩል ፌዱ ትንሽ ከፍ ይበል።

ወሰኑንም አልደበቀም። ከጆሮ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ወደ አናት የሚወጣ መስመር አስቡ። የሸሸው ጥግ እዚያ መስመር አጠገብ ከደረሰ፣ ወይም የግንባር መሀሉ ፀጉር ከቀሪው ተነጥሎ ለብቻው ከቀረ ይህ ቁርጥ አይሠራም። ያን ጊዜ ጭንቅላቱን በሙሉ በቁጥር 1 ማውረድ ነው፤ ወይም መልስ 1 ያለውን ማድረግ።

መልስ 5

ከሐረር፣ ከሸዋ በር አካባቢ የጻፈ ሰው መልስ 2ን ጠቅሶ የደረሰበትን ተናገረ። ለሠርግ ሚዜ ሊሆን ላይን አስወጣ። አስተካካዩ ሁለቱን ጥግ እኩል ለማድረግ ግራውን ነካ፤ ከዚያ ቀኙ በለጠ፤ ቀኙን ነካ። ሲጨርስ የግንባሩ መስመር ከተፈጥሮው የግማሽ ጣት ያህል ወደ ኋላ ሄዷል። በዕለቱ አምሮበታል። አራት አምስት ቀን ሳይሞላ ግን ከመስመሩ ፊት የተላጨው ፀጉር ነጥብ ነጥብ እያለ ብቅ አለ። የቀድሞው ድንበሩ የት እንደነበር ለሁሉም አሳየ። ያን ለማጥፋት ደግሞ ተመልሶ መላጨት ግድ ሆነ። ፀጉር በወር 1 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው የሚያድገው፤ ከርዳዳው ከዚያም ሊያንስ ይችላል። መስመሩ እስኪደበዝዝ ድረስ ሳይነካው መታገስ ነበረበት። በምላጩ ሰበብ ግንባሩ ላይ ቡግርም ወጥቶበት ነበር።

መልስ 6

አንዲት እህት ጥያቄውን የራሷ አድርጋ ወሰደችው። የእሷም ግራና ቀኝ ሳስቷል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሹሩባ ጠበቅ አድርጋ ነው የምትሠራው። ወንዶቹ የሚቆረጡትን እኔም ልቆረጥ ወይ ብላ ጠየቀች። ጎንዋ ላይ ምን ቁጥር እንደሚሻላት ሳይቀር ነው የጠየቀችው። አሳዘነችኝ፤ የእሷ ጉዳይ ከእኔ ጋር አይገናኝም።

መልስ 7

ደግነቱ ሐረር ውስጥ የሴቶች ፀጉር የምትሠራ ባለሙያ ቶሎ ደረሰችላት። እህቴ፣ ማሽን አታስነኪ ነው ያለቻት። ጥያቄዎቿ አጭር ነበሩ። ሹሩባው በተሠራ ማታ ቆዳሽ ያምሻል ወይ? ሥሩ ላይ ትናንሽ እብጠት ይወጣል ወይ? ከሳሳው ቦታ ፊት፣ ጠርዙ ላይ፣ ያልተነቀለ አጭር ፀጉር ተሰልፎ ቀርቷል ወይ? ሦስቱንም አዎ ስላለች መጎተት ያመጣው ነው አለቻት። ሹሩባ የማይዛቸው እነዚያ አጫጭሮች ናቸው የሚተርፉት።

ይህ ቶሎ ከተደረሰበት ይመለሳል። ለዓመታት ከተጎተተና ቆዳው ልሙጥ ከሆነ ግን ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ለጊዜው ሹሩባው ይፈታ፣ ፀጉሩ ወደ ኋላ ጥብቅ ተደርጎ አይታሰር፣ ሰው ሠራሽ ፀጉርም አይቀጠልበት። እስከዚያው ለመልክ የሚሆን ነገርም ነገረቻት። ከፊት በኩል ግራና ቀኝ ጥቂት ፀጉር ተለይቶ አምስት ስድስት ሴንቲሜትር ላይ ይቆረጥና ፊት ላይ ልቅ ሆኖ ይውረድ። ግንባር ሙሉ የሚሸፍን ወፍራም ፍሬንጅ ግን አትቁረጪ አለቻት። ለፍሬንጁ የሚሆነው ፀጉር የሚወሰደው ከዚያው ከሳሳው ቦታ ነውና። የዚህች ሴት አጻጻፍ ደስ ይላል፤ ጠይቃ ነው የምትመልሰው።

መልስ 8

አንድ ወንድም የሃይማኖት ጥያቄ አነሳ። ከራስ ፀጉር ከፊሉን ላጭቶ ከፊሉን መተው፣ ቀዘዕ የሚባለው፣ በሐዲስ የተከለከለ መሆኑን አስታወሰ። መልስ 4 የሰጠው ፌድ ከዚህ ጋር አይጋጭም ወይ አለ። በቁጣ አይደለም የጠየቀው። እሱም ጥጉ ስለሸሸ መፍትሔ ፈልጎ ነው።

መልስ 9

መልስ 2 ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ስሜቱ ተቀይሯል። መልስ 4ን ስልጣኔ ያልደረሰው የድሮ ሰው አደረገው። ፊልም ላይ የሚታዩት ሁሉ ላይን አላቸው፤ ቁጥር 4 አናት የወታደር ቁርጥ ነው፤ ሐረሬውም አስተካካይ መምረጥ ስላልቻለ ነው እንጂ ላይኑ ጥፋት የለበትም አለ። መላጨት ፀጉር ያወፍራል የሚለውንም አጥብቆ ያዘ። መልስ 5 ሸዋ በር መጥተህ ግንባሬን እይ ብሎ በቁጣ መለሰለት። ከዚያ የተጻፈው ለዚህ አይሆንም፤ አስተዳዳሪው የተወሰነውን አንስቶታል።

መልስ 10

የመጋላው ሰው ለስድቡ መልስ አልሰጠም። ወደ ነገሩ ነው የገባው። ሲላጭ ወፍሮ የበቀለ የሚመስለው ጫፉ ስለተቆረጠና ስለደነዘ ነው፤ ሥሩ ከቆዳ በታች ስለሆነ ምላጭ አይደርስበትም። ቢደርስማ ጢማችን ሁሉ ሽቦ በሆነ ነበር አለ። ላይን ጭራሽ አይሠራ አላልኩም ሲልም አብራራ። የግንባር ድንበሩ ሙሉ የሆነ ሰው ላይን ያምርበታል። ለሸሸ ሰው ግን ቀጥ ያለ መስመር ሄዶ ሄዶ ጥጉ ጋ ሲደርስ ይሰበራል፤ ስብራቱን በጣት እንደ መጠቆም ነው። ስለዚህ ግንባሩ ለስለስ ብሎ ይቅር፤ ከመስመር የወጡ ነጠላ ፀጉሮች ብቻ በማሽኑ ጫፍ ይለቀሙ።

ለመልስ 8 ደግሞ በአክብሮት ጻፈ። ፍርዱ የዑለማ ነው፣ እኔ ማሽን ያዥ ነኝ አለ። በእጁ ያለውን ግን ነገረው። ምላጭና ዜሮ ሳይነካ፣ ጎኑ ከቁጥር 2 ተጀምሮ አናቱ ቁጥር 3 ላይ ቢቀር የትኛውም ቦታ አይላጭም። የጥቁረቱ ልዩነትም ስለሚጠብ ለሸሸ ጥግ እንዲያውም ይሻላል። ወንድም ሼኹን ልጠይቅ ብሎ ሄደ። ሌላ ሰው ደግሞ ማሳጠርና መላጨት አንድ አይደለም ብሎ ገባ፤ ሦስተኛው አልተስማማም። ክርክሩ አሁንም እንደተከፈተ ነው።

መልስ 11

ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ እህት ናት። ቁርጥ አልተናገረችም፤ ሁሉም በየመሀሉ ስለ ፀጉር ማብቀያው መድኃኒት ስለ ሚኖክሲዲል ሲጠይቅ ዝም ማለት አልቻለችም። 5 በመቶው የሚቀባ ነው፤ ቢያንስ አራት ወር ሳይቋረጥ ካልተቀቡት መሥራት አለመሥራቱ አይታወቅም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉር ሊራገፍ ይችላል። ካቆሙት የመጣው ተመልሶ ይሄዳል። ከግንባር ጥግ ይልቅ አናት ላይ ነው ይበልጥ የሚታወቀው። አንድ ነገርም አሳሰበች። ፀጉር በድንገት በክብ በክብ ከረገፈ ላሽ ሊሆን ይችላል፤ ከቀረፈና ካሳከከ ቆረቆር ይሆናል። እነዚህ የፀጉር ቤት ጉዳይ አይደሉም፤ ሐኪም ይያቸው።

ከመልስ 12 እስከ 14

ጨዋታው ሄደ። መብራት ጎኑ ተቆርጦ አናቱ ሳይነካ ስለጠፋበት ሰው፣ በባትሪ የሚሠራ ማሽን ስላለው ፀጉር ቤት፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ስለሚቆርጡ ልጆች ተወራ። አንዱ ጥቁር የሚረጭ ስፕሬይ ጥጉን ይሞላል ብሎ አመጣ። ሌላው በድሬ ሙቀት ከሰዓት ሳይደርስ በጆሮው ሥር ወርዶ የሸሚዙን ኮሌታ እንዳጠቆረበት ነገረው።

መልስ 15

ይኼን እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሰፈሬ ያለ አስተካካይ ጋ ሄጄ መልስ 4ን ከስልኬ አነበብኩለት። ልጁ አልተከፋም። አናቱን በ4፣ ግንባሩን በ3 ካወረደ በኋላ ጎኑን ከ1 ወደ 2 አወጣው። ግራው ላይ ፌዱን የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ከቀኙ ከፍ አደረገው። መጨረሻ ላይ እጁ በልማድ ወደ መስመር ማውጫው ማሽን ሄደ። ተወው አልኩት፤ ግንባሬ ላይ የወጡትን ነጠላ ፀጉሮች ብቻ ለቀመ። ጢሜንም አሳጥሮ ከጎኑ ጋር አገናኘው። ይህ የራሱ ሐሳብ ነበር፤ ፊቴን ወደ ታች አከበደልኝ፤ ወድጄዋለሁ።

የመጋላው ሰው ለብቻው እንደመከረኝ ጥላ ውስጥ ቆሜ፣ ስልኩ በዓይኔ ልክ ሆኖ፣ ሁለት እርምጃ ርቆ ከጎን ፎቶ አስነሳሁ። ጥጉ አለ። ማንም ያየዋል። ግን መጀመሪያ የሚታየው እሱ አይደለም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስትሆን፣ ወይም መብራት ቀጥታ ከላይ ሲሆን ግን ይጎላል፤ ለዚያ ቁርጥ መላ የለውም። ጎኑ ሲያድግም ይመለሳል። የመጋላው ሰው በየሁለት ሳምንቱ ጎኑን ብቻ አስነካ፣ አናቱ እስከ አምስት ሳምንት ይቆያል ብሎኛል።

መልስ 16

ከዚራ የሚሠራ ሌላ ባለሙያ በቁርጤ ላይ ሐሳብ ሰጠ። በጎኑ ተስማማ፤ በግንባሩ አልተስማማም። ከርዳዳ ፀጉር ከፊት ትንሽ ረዘም ብሎ ቢተውና በስፖንጅ ቢጠቀለል ጫፎቹ ወደ ጥጉ ስለሚዘረጉ ድንበሩን ያደበዝዛሉ ባይ ነው። መልስ 4 ይህ የሚሠራው የመሀሉ ፀጉር ጥቅጥቅ ካለ ብቻ ነው አለ። መሀሉም መሳሳት ከጀመረ ጥቅልሎቹ ተለያይተው ቆዳውን በየመሀላቸው ያሳያሉ። ሁለቱም በራሳቸው ደንበኛ ያዩትን ነው የሚናገሩት። እኔ ቁጥር 3 ላይ ነኝ። ስፖንጁን የሞከረ ካለ ፎቶ ይለጥፍ።

መልስ 17

የመጨረሻው ጠያቂ ፀጉሩ ለስላሳ ነው፤ ከርዳዳ ለሆነው የተባለው ለእሱ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀ። የመጋላው ሰው የጎኑ ነገር አንድ ነው አለው። አናቱ ግን በማሽን ሳይሆን በመቀስ፣ ጫፍ ጫፉ እኩል ሳይሆን ተበጣጥሶ ይቆረጥ፤ ከዚያ ወደ ፊትና ትንሽ ወደ ጎን ይበጠር። ጄል አይቀባ፤ ጄል ለስላሳ ፀጉርን በዘለላ በዘለላ ያጣብቅና ቆዳውን ያጋልጣል። ወደ ኋላ ማበጠርም አይሆንለትም። ጠያቂው ፀጉሩ ምን ያህል ቢረዝም እንደሚሻል ገና አልተመለሰለትም፤ ለስላሳ ፀጉር የምትቆርጡ ካላችሁ እዚሁ ቀጥሉበት።